12 ቮልት የተጻፈበት ለምን 19 ያነባል?

ትራንስፎርመሩ ላይ 12 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ከእሱ ቀጥሎ አራት ዳዮድና አንድ ካፓሲተር ተገጥመዋል። የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች ካፓሲተሩ ላይ ስናሳርፍ 19.2 ቮልት ያነባል። 33 ኦም ሬዚስተር እንደ ጭነት ስናስገባ ደግሞ ወደ 15.0 ይወርዳል። በመማሪያ መጽሐፍ ቀመር ያሰላ ሰው ወረቀቱ ላይ ያገኘው ቁጥር ግን ሁለቱንም አይመስልም።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወይ ቴስተሩን ይጠረጥራል ወይ «ትንሽ ልዩነት ያለ ነው» ብሎ ያልፋል። ልዩነቱን ቆም ብሎ ለጠየቀው ሰው ግን መልስ አለው። የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። አንዱ ዕቃዎቹ ከተጻፈባቸው ዋጋ ስለሚለያዩ፣ ሁለተኛው ቀመሩ ነገሩን አቅልሎ ስለሚያይ፣ ሦስተኛው መለኪያው ራሱ ሰርኪዩቱን ስለሚነካ ነው። ልዩነቱ ለእነዚህ ሦስቱ ከተከፋፈለ በኋላ የቀረ ነገር ካለ፣ ብልሽት መፈለግ ያለበት እዚያ ነው። ይህን በአንድ ተራ ፓወር ሰፕላይ ላይ እየለካን እንየው።

የወረቀቱ ሂሳብ

ሰርኪዩታችን በብዙ የድሮ ሬዲዮ፣ በባትሪ ቻርጀርና በትንሽ ማጉያ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ነው። 220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ፣ 1 አምፔር የሚችል ትራንስፎርመር አለ። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጡት በብሪጅ የተያያዙ አራት ዳዮዶች ናቸው። ከእነሱ በኋላ 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተቀምጧል። በመጨረሻ ጭነቱን የሚወክል ባለ 10 ዋት 33 ኦም ሬዚስተር አለ።

በወረቀት ላይ ሥራው አጭር ነው። 12 ቮልት የኤሲው አርኤምኤስ ዋጋ ስለሆነ የሞገዱን ጫፍ ለማግኘት በ1.414 እናባዛዋለን፤ 17.0 ቮልት ይመጣል። በእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ ከረንቱ በሁለት ዳዮድ ስለሚያልፍ፣ ለአንዱ 0.7 ቮልት አስበን 1.4 እንቀንሳለን። ካፓሲተሩ የሚደርስበት ጫፍ 15.6 ቮልት ይሆናል።

ካፓሲተሩ እዚህ የሚሠራው እንደ ግቢ ሮቶ ነው። ውኃ በመጣ ሰዓት ይሞላል፤ ውኃው ሲሄድ ቤቱ ከእሱ ይቀዳል፤ እስከሚቀጥለው መምጫም ደረጃው ይወርዳል። የእኛ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስና ብሪጁ ሁለቱንም ግማሽ ሞገድ ስለሚጠቀም፣ መሙላቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሆናል፤ ማለትም በየ10 ሚሊሰከንዱ። በመሃል የሚወርደው ቮልቴጅ ሪፕል ይባላል። ቀመሩ V = I × t ÷ C ነው። 15.6 ቮልት ለ33 ኦም ሲካፈል 0.47 አምፔር ነው። ይህን በ0.01 ሰከንድ አባዝተን ለ0.0022 ፋራድ ስናካፍል 2.1 ቮልት ገደማ ይመጣል። ዲሲ ላይ ያለ ቴስተር የሚያነበው አማካዩን ስለሆነ፣ ከጫፉ የሪፕሉን ግማሽ ቀንሰን 14.5 ቮልት እንጠብቃለን።

የወረቀቱ ቃል እንግዲህ ጫፍ 15.6፣ ሪፕል 2.1፣ አማካይ 14.5 ነው።

ጭነት ሳይኖር

መጀመሪያ ሬዚስተሩን ሳናያይዝ እንለካ። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገን ሶኬቱን ስንለካ 226 ቮልት አገኘን። የትራንስፎርመሩ የ12 ቮልት ጎን ደግሞ 14.2 ቮልት ይላል። ትራንስፎርመሩ አልተበላሸም። የተጻፈበት 12 ቮልት ሙሉውን 1 አምፔር ሲሰጥ የሚኖረው ቮልቴጅ ነው። በዚያን ጊዜ የሽቦዎቹ ሬዚስታንስ የተወሰነውን ስለሚበላ፣ ሠሪው ያንን የሚያካክስ ተጨማሪ ጥቅል ይጠመጥማል። እንዲህ ባለ ትንሽ ትራንስፎርመር ላይ ጭነት ሳይኖር 15 በመቶ ከፍ ማለት የተለመደ ነው። 12 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 13.8 ይሆናል። መስመሩ 220 ሳይሆን 226 ስለሆነ ደግሞ 14.2 ላይ ይደርሳል።

አሁን ሂሳቡን እንደገና እንሥራው። 14.2 በ1.414 ሲባዛ 20.1 ነው። ዳዮዶቹ 0.7 ቮልት የሚጥሉት የሚቆጠር ከረንት ሲያልፍባቸው ነው። እዚህ የሚያልፈው ካፓሲተሩ የሚያፈስሰውና ቴስተሩ የሚወስደው ኢምንት ከረንት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ የሚጥለው 0.45 ቮልት ያህል ነው። 0.9 ሲቀነስ 19.2 ይቀራል፤ ቴስተሩ ያነበበውም ይህንኑ ነው።

ይህ ቁጥር ሥራ ላይ የሚውል ነው። «12 ቮልት ስለሆነ ይበቃል» ብሎ 16 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር የገጠመ ሰው፣ ጭነቱ በተነቀለ ቁጥር ካፓሲተሩን ከአቅሙ 3 ቮልት በላይ ያስጨንቀዋል። እንዲህ ያለ ካፓሲተር አናቱ ያብጣል፣ ያፈስሳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። እዚህ የሚያስፈልገው ቢያንስ ባለ 25 ቮልት ነው።

ጭነት ሲገባ

33 ኦሙን ስናያይዝ ቴስተሩ 15.0 ይላል። ወረቀቱ 14.5 ብሎ ነበር። ግማሽ ቮልት ብቻ ስለሆነ «ገጠመ» ማለት ይቀላል። ያለ ጭነት ከሦስት ቮልት በላይ የሳተ ሂሳብ ጭነት ሲገባ እንዴት ተስተካከለ ብለን ካልጠየቅን ግን፣ ውስጥ ያለው አይታየንም።

ትራንስፎርመሩን ከሶኬት ነቅለን በቴስተሩ ኦም እንለካው። በ12 ቮልቱ ጎን 1.2 ኦም ያነባል። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ስናገናኝ ግን 0.3 ኦም ያሳያል፤ ይህ የሽቦዎቹ የራሳቸው ስለሆነ ይቀነሳል፤ 0.9 ይቀራል። በ220 ቮልቱ ጎን 240 ኦም አለ። ይህ ከጭነቱ በኩል ሲታይ እንደ ሁለቱ ቮልቴጆች ንጽጽር ስኩዌር አንሶ ይደርሳል። 14.2 ለ226 ተካፍሎ ስኩዌር ሲደረግና በ240 ሲባዛ 0.95 ኦም ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1.85 ኦም ሆኑ። የወረቀቱ ቀመር ይህን ሬዚስታንስ ዜሮ ብሎ ነበር የወሰደው።

አሁን የጫፉን ሂሳብ መዝገብ እናውጣ። ከወረቀቱ 15.6 እንነሳ። ትራንስፎርመሩ ከተጻፈበት ከፍ በማለቱ የሞገዱ ጫፍ ከ17.0 ወደ 20.1 ስለወጣ 3.1 ይደመራል። ዳዮዶቹ በጫፉ ሰዓት ትልቅ ከረንት ስለሚያሳልፉ እያንዳንዳቸው 0.7 ሳይሆን 0.9 ገደማ ይጥላሉ፤ ስለዚህ 0.4 ይቀነሳል። የጥቅሎቹ ሬዚስታንስ ካፓሲተሩ የሚደርስበትን ጫፍ 2.6 ያህል ዝቅ ያደርገዋል። የቀረው 15.7 ነው። ከወረቀቱ ጋር በ0.1 ብቻ የተለያየው ሁለት ትልልቅ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደው ስለተጣፉ ነው። ጭነቱን ብንለውጥ አንዱ ሲያድግ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ መግጠሙም ይጠፋል።

የቴስተሩ የራሱ ስህተትም መዝገቡ ላይ ቦታ አለው። ብዙ ርካሽ ቴስተር ከንባቡ 0.5 በመቶ፣ በዚያም ላይ በመጨረሻው አኃዝ ሁለት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። በ20 ቮልት መስመር ላይ 15.0 ሲያነብ ይህ 0.1 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ የ0.1 ልዩነት ምክንያት መፈለግ ድካም ነው፤ የ0.5 ግን አይደለም። ከጫፉ ጋር ያለው ካለቀ በኋላ 0.4 ቮልት ገና አልተመለሰም። ለእሱ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልገናል።

ኦሲሎስኮፑን ከማያያዝ በፊት

ቴስተር አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ኦሲሎስኮፕ ቮልቴጁ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይሥላል። ነገር ግን ቴስተር የሌለው አንድ አደጋ አለው። የፕሮቡ የግራውንድ ቁንጥጫ በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ከሶኬቱ የመሬት መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት ፕሮብ ካለን የሁለቱም ቁንጥጫ አንድ ሽቦ ነው።

በብሪጅ ላይ ይህ ዋጋ ያስከፍላል። አንዱን ቁንጥጫ በትራንስፎርመሩ የ12 ቮልት ጫፍ፣ ሌላውን በካፓሲተሩ ኔጋቲቭ ላይ ብናስር በመካከላቸው ያለው ዳዮድ በሽቦ ተዘለለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ግማሽ ሞገድ ትራንስፎርመሩ በቀረው በአንዱ ዳዮድ በኩል ሾርት ይሆናል፤ ዳዮዱ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመሩም ይግላል። ስለዚህ የትራንስፎርመሩን ሞገድና የካፓሲተሩን ቮልቴጅ በየተራ እናያለን፤ አንዱን ስናይ ሌላው ፕሮብ ከነቁንጥጫው ይነሳል። በ220 ቮልቱ በኩል ደግሞ ተራውን ፕሮብ ጨርሶ አናስጠጋም። አንዳንዶች ችግሩን ለማምለጥ የኦሲሎስኮፑን የመሬት እግር ይቆርጣሉ። ያን ጊዜ የመሣሪያው የብረት አካል ቁንጥጫው የነካውን ቮልቴጅ ሁሉ ይሸከማል፤ የሚነካውም ሰው እጅ ነው።

ፕሮቡ ላይ ያለውን ማብሪያ ×10 ላይ አድርገን በመሣሪያውም ስክሪን ×10 እንመርጣለን። ሁለቱ ካልተስማሙ ንባቡ በአሥር እጥፍ ይሳሳታል። 1.5 ቮልት በሚጠበቅበት ቦታ 15 ወይም 0.15 ካየን መጀመሪያ የምንፈትሸው ይህን ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው

ቁንጥጫውን በካፓሲተሩ ኔጋቲቭ፣ ጫፉን በፖዘቲቩ ላይ እናድርግ። ጊዜውን በአንድ ክፍል 5 ሚሊሰከንድ፣ ቮልቴጁን 5 ቮልት እናደርጋለን። በ15 ቮልት አካባቢ ጥርሱ ለስላሳ የሆነ መጋዝ የሚመስል መስመር ይታያል። ሪፕሉን አጉልቶ ለማየት ኤሲ ከፕሊንግ እንመርጣለን። ይህ ዲሲውን አስቀርቶ የሚወዛወዘውን ብቻ ያሳልፋል፤ ቮልቴጁንም በክፍል 0.5 ማድረግ ይቻላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ቮልት፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ቀጣዩ 10 ሚሊሰከንድ ነው።

ወረቀቱ 2.1 ብሎ ነበር። ስክሪኑ ምክንያቱን ራሱ ያሳየናል። መስመሩ የሚወርደው ለ10 ሚሊሰከንድ ሙሉ ሳይሆን ለ7 ገደማ ብቻ ነው፤ በቀሪው 3 ሚሊሰከንድ እየሞላ ይወጣል። ቀመሩ ግን መሙላት ጊዜ የማይወስድ አድርጎ ነበር ያሰበው። በ10 ፋንታ 6.8 ሚሊሰከንድ ስናስገባ 0.455 አምፔር ላይ 1.4 ቮልት ይመጣል። አማካዩ ከጫፉ የሚያንሰው በ1.05 ሳይሆን በ0.7 ሆነ ማለት ነው፤ ቀርቶ የነበረው 0.4 ገደማም በዚህ ተመለሰ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ከተጻፈበት 20 በመቶ ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችልም ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ 1.2 ወይም 1.7 ቮልት ቢነበብ እንኳ ካፓሲተሩን ለመክሰስ አይበቃም።

አሁን ፕሮቡን ነቅለን በትራንስፎርመሩ 12 ቮልት ጎን ላይ እናያይዘው። ጭነት ሳይኖር ክብ አናት የነበረው ሞገድ አሁን አናቱ ተደፍጥጧል። ካፓሲተሩ ከረንት የሚጠጣው በሞገዱ አናት አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ሬዚስታንሱ የሚበላውም እዚያው ነው። ትክክለኛ አርኤምኤስ የሚለካ ቴስተር እዚህ 13.1 ቮልት ያነባል። ይህን በ1.414 ያባዛ ሰው ጫፉን 18.5 ነው ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። በ1.414 ማባዛት የሚሠራው ሞገዱ ያልተነካ ሳይን ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ ልዩነት የሚታየው ከረንቱ ላይ ነው። ከትራንስፎርመሩ ጋር በተከታታይ 0.1 ኦም ሬዚስተር ብናስገባ፣ በእሱ ላይ የሚታየው ቮልቴጅ የከረንቱን ቅርጽ ይሰጠናል። የሚታየው ተለያይተው የቆሙ ጉብታዎች ናቸው፤ አናታቸው 180 ሚሊቮልት፣ ማለትም 1.8 አምፔር ይደርሳል። ጭነቱ የሚወስደው 0.455 ብቻ ሆኖ ሳለ ነው። በየ10 ሚሊሰከንዱ የሚያስፈልገው ቻርጅ በ4 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ መግባት ስላለበት እንዲህ ይሆናል። አርኤምኤሱ 0.8 አምፔር ያህል ነው። ኤሲ ከረንት የሚለኩ ብዙ ርካሽ ቴስተሮች ግን አርኤምኤስን በቀጥታ አይለኩም፤ አማካዩን ወስደው ሞገዱ ሳይን ነው በሚል በ1.11 ያባዙታል። እዚህ የሚያነቡት 0.5 አምፔር ገደማ ነው። ሽቦውን የሚያግለው አርኤምኤሱ ስለሆነ፣ «ግማሽ አምፔር ብቻ እየሰጠ ለምን ይህን ያህል ይግላል?» የሚባለው ትራንስፎርመር መልሱ እዚህ ነው።

መለኪያው ሲጠጣ

እስካሁን ቴስተሩ ሰርኪዩቱን አልነካም ብለን ነበር የሄድነው። 33 ኦም አጠገብ እውነት ነው። በዚሁ ቦርድ ላይ ግን የውጤቱን ግማሽ ለአንድ መቆጣጠሪያ የሚያቀብሉ፣ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት 1 ሜጋኦም ሬዚስተሮች አሉ እንበል። 15.0 ለሁለት ሲካፈል 7.5 ነው። በጥሩ ቴስተር ስንለካ 7.14፣ በየሱቁ በሚሸጠው ትንሹ ቢጫ ቴስተር ደግሞ 5.0 እናገኛለን።

ምክንያቱ የቴስተሩ የውስጥ ሬዚስታንስ ነው። ጥሩው 10 ሜጋኦም፣ ርካሹ 1 ሜጋኦም አለው። ከታችኛው 1 ሜጋኦም ጎን ለጎን ሌላ 1 ሜጋኦም ሲያያዝ ሁለቱ አንድ ላይ ግማሽ ሜጋኦም ይሆናሉ፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ግማሽ መሆኑ ቀርቶ ሲሶ ይሆናል። የኦሲሎስኮፕ ፕሮብም ×1 ላይ 1 ሜጋኦም፣ ×10 ላይ 10 ሜጋኦም ስለሆነ ያንኑ ያደርጋል።

ይህን ስህተት ያለ ሌላ መሣሪያ ለመያዝ ቀላል መንገድ አለ። ሁለቱን ሬዚስተሮች ለየብቻ እንለካና እንደምር። በርካሹ ቴስተር 5.0 እና 5.0 ድምሩ 10 ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስንለካ ግን 15.0 አለ። ክፍሎቹ ተደምረው ሙሉውን ካልሰጡ፣ የጎደለውን የጠጣው መለኪያው ነው። ቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ሬዚስተርም መቀየር አያስፈልግም።

ባለቤት ያጣ ልዩነት

አሁን ያንኑ ቦርድ ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ተከፍቶ እናስበው። ቴስተሩ ካፓሲተሩ ላይ ከ13 እስከ 13.5 ቮልት ያነባል። 12 ቮልት የጠበቀ ሰው «እንዲያውም ይበልጣል» ብሎ ያልፈዋል። መዝገብ ያወጣ ሰው ግን በዚህ ጭነት 15.0 መሆን እንዳለበት፣ ቴስተሩም ሊሳሳት የሚችለው በ0.1 እንደሆነ ያውቃል። አንድ ቮልት ተኩል የሚያህል ልዩነት ባለቤት አጥቷል።

ብልሽቱን የሚናገረው ኦሲሎስኮፑ ነው። ሪፕሉ ከ1.4 ወደ 3 ቮልት ገደማ አድጓል፤ በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከ10 ሚሊሰከንድ ወደ 20 ሄዷል። ካፓሲተሩ የሚሞላው በሰከንድ 100 ጊዜ መሆኑ ቀርቶ 50 ሆነ ማለት ነው፤ ከሁለቱ ግማሽ ሞገዶች አንዱ አያልፍም። ካፓሲተሩ አርጅቶ ቢሆን ኖሮ ሪፕሉ ያድግ ነበር፤ ርቀቱ ግን 10 ሚሊሰከንድ ላይ ይቆይ ነበር። በቴስተር ብቻ ሁለቱም «ቮልቴጅ ቀነሰ» ሆነው ይታያሉ። ስክሪኑ ላይ ግን ርቀቱን ማየት ብቻ ሁለቱን ይለያል። ከዚያ ቦርዱ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩም ባዶ ሆኖ፣ ዳዮዶቹ በቴስተሩ የዳዮድ መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ይፈተሻሉ። ጤነኛው በአንድ አቅጣጫ 0.55 ወይም 0.6 አካባቢ ያነባል። ይህ ከ0.9 ያነሰው ቴስተሩ በዳዮዱ ውስጥ የሚልከው 1 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ ነው።

ማታ ማታ የሚያጉረመርመው ማጉያ

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ቁጥሮች የትኛው ሥራ ላይ እንደሚውል ነው። ከካፓሲተሩ በኋላ 12 ቮልት የሚያወጣ 7812 ሬጉሌተር ተገጥሞ ማጉያ እያሠራ ነው እንበል። ይህ ሬጉሌተር በትክክል እንዲሠራ መግቢያው ከመውጫው 2 ቮልት ያህል መብለጥ አለበት፤ ስለዚህ ከ14 በታች መውረድ የለበትም። ቴስተሩ 15.0 ስላለ በቂ ይመስላል። ኦሲሎስኮፑ ግን የሪፕሉ ዝቅተኛ ነጥብ 14.3 እንደሆነ ያሳያል። ሬጉሌተሩ የሚኖረው በዚያ ዝቅተኛ ነጥብ እንጂ በአማካዩ አይደለም። የቀረው ትርፍ 0.3 ቮልት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የተለካው መስመሩ 226 ቮልት በነበረበት ሰዓት ነው። ማታ ሰው ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲያበራ መስመሩ ወደ 200 ቢወርድ፣ የሞገዱ ጫፍ ከ20.1 ወደ 17.8 ይወርዳል። የዳዮዶቹን 1.8 ቀንሰን ቀሪውን በዚያው ንጽጽር ስናሰላ አማካዩ 13.1፣ ዝቅተኛ ነጥቡ ደግሞ 12.5 ገደማ ይሆናል። ሬጉሌተሩ በሰከንድ 100 ጊዜ መቆጣጠሩን ይስታል፤ ድምፅ ማጉያውም ያጉረመርማል። ቀን ቀን ጥገና ቤት ሄዶ «ምንም የለበትም» የሚባል፣ ማታ ቤት ሲመለስ የሚያጉረመርም ዕቃ አንዱ ምስጢሩ ይህ ነው።

የተለመደው መድኃኒት ካፓሲተሩን በትልቅ መተካት ነው። መዝገቡን የያዘ ሰው ግን አስቀድሞ ሊመልሰው ይችላል። 4700 ማይክሮፋራድ ቢገጠም ሪፕሉ በግማሽ ያንሳል፤ አማካዩ ራሱ 13.1 ስለሆነ ግን ዝቅተኛ ነጥቡ ወደ 14 ሊወጣ አይችልም። የሚያስፈልገው ባለ 15 ቮልት ትራንስፎርመር ነው፤ እሱ መስመሩ 200 ሲሆንም ከ14 በላይ በደህና ይቆማል። ያን ጊዜ ሬጉሌተሩ የሚጥለው ቮልቴጅ ስለሚበዛ ሰፋ ያለ የሙቀት ማስወጫ ብረት ይፈልጋል። ካፓሲተሩም እንደገና ይታሰባል። 15 ላይ 15 በመቶ ጨምረን፣ በ226 መስመር አስተካክለን፣ በ1.414 አባዝተን የዳዮዶቹን 0.9 ስንቀንስ ያለ ጭነት 24 ቮልት ያልፋል። መስመሩ 240 ከደረሰ ደግሞ 25ንም ይሻገራል። ስለዚህ በባለ 25 ቮልቱ ፋንታ ባለ 35 ቮልት ይገጠማል።